የክንድ ነርቮችን ሹሩባ በንብርብር መሳል፦ «የቱ ነርቭ?» ሳይሆን «የት ላይ?»

«ደሴ የሕክምና ተማሪ ነኝ፣ ዘንድሮ ዋርድ ጀመርኩ። የክንድ ነርቮችን መረብ፣ ብራኪያል ፕሌክሰስን፣ ሦስት ጊዜ ሸምድጄዋለሁ። ስዕሉን ከመጽሐፍ እገለብጣለሁ፣ በሳምንቱ ይጠፋል። ባለፈው ከሞተር በግራ ትከሻው የወደቀ ልጅ መጣ፤ ሦስት ሳምንቱ ነው። ክንዱን ወደ ጎን ማንሳትም ክርኑን ማጠፍም አይችልም፣ ጣቶቹ ግን ይሠራሉ። ሲኒየሩ የቱ ነርቭ ነው ሲለኝ አክሲላሪ አልኩ፣ ሳቀብኝ። እንዴት ብስለው ነው በሽተኛ ፊት የሚጠቅመኝ? ቤተሰቦቹ ደግሞ ወጌሻ አሽቶታል፣ ይድናል እያሉ ነው።»

ስም ረስተህ አይደለም የተሳሳትከው። አክሲላሪ ነርቭ የትከሻውን ጡንቻ፣ ዴልቶይድን፣ እንደሚያንቀሳቅስ አውቀሃል፣ ያ ትክክል ነው። ግን ልጁ ክርኑንም ማጠፍ አልቻለም። ክርን ማጠፍ የአክሲላሪ ሥራ አይደለም። አንድ ምልክት አይተህ አንድ ስም ጠራህ፣ ሁለተኛው ምልክት ሜዳ ላይ ቀረ። ሲኒየርህም «የቱ ነርቭ» ብሎ መጠየቁ ትንሽ አሳስቶሃል። እንዲህ ዓይነት ጉዳት ላይ ትክክለኛው ጥያቄ «የት ላይ ነው የተቆረጠው?» የሚለው ነው።

መንገድ አስብ። ከከሚሴ የሚመጣው አስፋልት ኮምቦልቻ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ደሴ ይወጣል፣ አንዱ ወደ ባቲ ይወርዳል። ከከሚሴ የተነሳ መኪና ደሴ አልደርስ ካለ፣ ባቲ ግን እየገባ ከሆነ፣ መንገዱ የተዘጋው ከኮምቦልቻ በላይ ዳገቱ ላይ ነው። ሁለቱም ጋ ካልደረሰ ደግሞ ዳገት መውጣት አያስፈልግህም፤ ችግሩ ኮምቦልቻ ላይ ወይም ከዚያ በፊት ነው። የክንድ ነርቮችም ምርመራ ይኸው ነው። የትኞቹ ከተሞች መኪና እንደቀረባቸው ታያለህ፣ ከዚያ መንገዶቻቸው ወደሚገናኙበት ቦታ በጣትህ ወደ ኋላ ትመለሳለህ። ለዚህ ግን መገንጠያዎቹን የሚያሳይ ካርታ ራስህ ውስጥ ሊኖር ይገባል።

የመጽሐፉን ስዕል መገልበጥ ያልጠቀመህ ያለቀለት ነገር ስለሆነ ነው። ፕሌክሰስ ማለት ሹሩባ እንደማለት ነው። የተሠራ ሹሩባ አይተህ ሹሩባ መሥራት አትማርም። ሠሪዋ ጸጉሩን ስትከፍል፣ ስታሻግር፣ መልሳ ስታገናኝ ማየት አለብህ። ስለዚህ በንብርብር ሳል። አንድ ነጭ ወረቀትና አራት የሚያሳይ ላስቲክ ያስፈልግሃል። የደብተር መሸፈኛ ላስቲክ ይበቃል፣ ከማንኛውም የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ታገኘዋለህ። ሁለት ቀለም ማርከር ጨምር፣ ሰማያዊና ቀይ።

የመጀመሪያው ንብርብር ነጩ ወረቀት ነው። አንገቱን በስተግራ፣ እጁን በስተቀኝ አድርግ። ፊት ለፊትህ የቆመ ሰው የግራ ክንድ ማለት ነው፤ ያንተው በሽተኛ ክንድ ሆነ። አምስት መስመር ከግራ አስነሳ፦ ሲ5፣ ሲ6፣ ሲ7፣ ሲ8 እና ቲ1። ሲ የአንገት፣ ቲ የደረት ነው። እነዚህ ሩቶች ናቸው፣ ሥሮቹ። ላይኛዎቹን ሁለቱን አገናኝ፣ ታችኛዎቹን ሁለቱን አገናኝ፣ መካከለኛው ብቻውን ይሂድ። ሦስት ትራንክ አገኘህ፣ ሦስት ግንድ። ሌላ ምንም አትጻፍ። ይቺን ብቻ በቀን አንዴ ከራስህ ሳል። ቀላል ናት ብለህ አትዝለላት። የልጁ ጉዳይ የሚፈታው እዚህችው ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚስታት ነገር አለ። በዚህ ስዕል ላይ «ሩት» የምንለው ከሕብለ ሰረሰር በቀጥታ የሚወጣውን ቀጭን ሥር አይደለም። ያኛው ከአከርካሪው ውስጥ ነው፤ የፊትና የኋላ ሆኖ ለየብቻ ይወጣና በአጥንቱ ቀዳዳ ላይ ይገናኛል። ስዕላችን የሚጀምረው ከተገናኙ በኋላ ነው፣ ነርቮቹ በሁለት የአንገት ጡንቻዎች መካከል ብቅ ሲሉ። ልዩነቱን ለማሳየት ከወረቀቱ ግራ ጠርዝ አጠገብ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ወደ ታች አስምር፣ አምስቱን መስመሮችም ከእሱ ጀርባ በነጠብጣብ አስጀምራቸው። መስመሩ የአጥንቱ ቀዳዳ ነው። ከመስመሩ ወዲያና ከመስመሩ ወዲህ መቆረጥ ለበሽተኛው የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው ንብርብር የመጀመሪያው ላስቲክ ነው። ወረቀቱ ላይ አንጥፈውና እያንዳንዱን ግንድ ለሁለት ክፈል፣ ወደ ፊት የሚሄደውን በሰማያዊ፣ ወደ ኋላ የሚሄደውን በቀይ። ስድስት ዲቪዥን ማለት ነው። እነሱ ላይ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደውን አጥንት፣ ክላቪክልን፣ አግድም አሳርፍ፤ የሚከፈሉት ከዚያ አጥንት ጀርባ ነውና። የዚህ ንብርብር ቁም ነገር ቀለሙ ነው። ሰማያዊው የክንዱን የፊት ጡንቻዎች ይመግባል፣ ማጠፊያዎቹን። ቀዩ የኋላዎቹን ይመግባል፣ መዘርጊያዎቹን። ዴልቶይድ እንኳ የቀዩ ወገን ነው።

ሦስተኛው ንብርብር ላይ ሦስቱን ቀይ በሙሉ ሰብስበህ አንድ አድርግ፤ ፖስቴሪየር ኮርድ፣ የኋላው ገመድ። ከሰማያዊዎቹ ላይኛዎቹን ሁለቱን አገናኝ፤ ላተራል ኮርድ። የታችኛው ሰማያዊ ብቻውን ይቀጥላል፤ ሚዲያል ኮርድ። መሃላቸው የብብቱን ትልቅ ደም ቧንቧ ሳል። ላተራል፣ ሚዲያል፣ ፖስቴሪየር የተባሉት ከዚያ ቧንቧ አንጻር ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

አራተኛው ንብርብር መጨረሻዎቹ ናቸው። ላተራልና ሚዲያል እያንዳንዳቸው ለሁለት ይከፈሉና መሃል ላይ ይጨባበጣሉ። ኤም የሚባለውን የፈረንጅ ፊደል ይመስላል። ላይኛው እግሩ መስኩሎኪዩቴኒየስ ነው፤ ባይሴፕስን ይዞ ክርን ያጥፋል። የታችኛው እግሩ አልናር ነው። መሃል የተጨባበጡት ሚዲያን ናቸው። ከኋላው ገመድ ደግሞ ሁለት ይወጣሉ፦ አጭሩ አክሲላሪ ወደ ዴልቶይድ፣ ረጅሙ ሬዲያል ወደ ክንድና እጅ መዘርጊያዎች።

ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። አምስተኛው ንብርብር ግን ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። «ምስክሮቹ» እላቸዋለሁ፤ ከመንገዱ ገና መጀመሪያ ላይ የሚገነጠሉ ትናንሽ ነርቮች ናቸው። ሦስቱ ይበቁሃል። ከሲ5 ሩት ወዲያው ዶርሳል ስካፑላር ይወጣል፤ ራምቦይድን ይይዛል፣ ስካፑላን፣ ማለትም የትከሻውን ጠፍጣፋ አጥንት፣ ወደ ጀርባ አጥንት የሚስበውን ጡንቻ። ከሲ5፣ ሲ6ና ሲ7 ሩቶች ሎንግ ቶራሲክ ይወጣል፤ ሴራተስ አንቴሪየርን ይይዛል፣ ስካፑላን ከጎድን ጋር የሚያጣብቀውን። ከላይኛው ትራንክ ደግሞ ሱፕራስካፑላር ይወጣል፤ ሁለት ጡንቻዎችን ይይዛል፣ ክንድን ወደ ጎን ማንሳት የሚጀምረውንና ወደ ውጭ የሚያዞረውን። ሌሎች ትናንሽ ቅርንጫፎች አሉ፤ በኋላ ትጨምራቸዋለህ። አሁን ብትጨምራቸው ስዕሉ ተመልሶ የተበጠሰ ድር ይሆንብሃል።

ላስቲኮቹን ደርበህ ወደ ልጁ እንመለስ።

ዴልቶይድ አይሠራም፤ አክሲላሪ። ክርን አይታጠፍም፤ መስኩሎኪዩቴኒየስ። ስዕሉ ላይ አንዱ ቀይ ነው፣ ሌላው ሰማያዊ። አንዱ ከኋላው ገመድ ይወጣል፣ ሌላው ከላተራል። በአንድ ውድቀት ሁለት ለየብቻ ያሉ ነርቮች ቢጎዱ አይቻልም አልልህም፤ ግን መጀመሪያ መገናኛቸውን ፈልግ። ከአክሲላሪ በቀዩ ተመለስ፣ ከመስኩሎኪዩቴኒየስ በሰማያዊው ተመለስ። የሚገናኙት ላይኛው ትራንክ ላይ ነው። ሲ5ና ሲ6። ጣቶቹ የሠሩትም ለዚህ ነው፤ ጣት የሚያንቀሳቅሰው በብዛት ከሲ7 በታች የሚመጣው ነው።

ይህን በአንድ ፈተና ታጸናዋለህ፣ የምወደው ፈተና ነው። አውራ ጣቱ ወደ ላይ እንዲሆን እጁን አዙርለትና፣ ክንዱን ደግፈህ ክርኑን እንዲያጥፍ ጠይቀው። በዚያ አቀማመጥ ብራኪዮራዲያሊስ የሚባል ጡንቻ ያግዛል። ያ ጡንቻ የሬዲያል ነርቭ ነው፣ ሩቱ ግን ሲ5ና ሲ6። የተጎዳው መስኩሎኪዩቴኒየስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ጡንቻ ጤነኛ ስለሆነ ክርኑ ትንሽም ቢሆን ይታጠፍ ነበር፤ ጡንቻውም ክንዱ ላይ እንደ ገመድ ሲወጠር ታየዋለህ። እሱም ከሞተ፣ ክርን የሚዘረጋው ትራይሴፕስ ግን ከሠራ፣ አንዱ የሬዲያል ጡንቻ ሞቶ ሌላው በሕይወት አለ ማለት ነው። ይህን «ሬዲያል ነርቭ ተጎዳ» ብለህ ልታብራራው አትችልም፤ ከሩት ወይም ከትራንክ ሆነህ ስታየው ግን ይገባሃል።

አሁን ምስክሮቹን ጥራ። ሸሚዙን አስወልቀህ ከጀርባው ቁም። ተማሪዎች ሁልጊዜ ከፊት ይመረምራሉ፣ ምስክሮቹ ግን የተቀመጡት ከጀርባ ነው። ክርኑን ከጎኑ ጋር አጣብቀህ፣ አንተው አጥፈህ ይዘህ፣ እጁን ወደ ውጭ እንዲያዞር ጠይቀው። ካልቻለ ሱፕራስካፑላርም ሄዷል፤ ጉዳቱ ላይኛው ትራንክ ላይ ወይም ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። እጁን አንጠልጥሎ፣ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ መዳፉ ወደ ኋላ ሲያይ ያየኸው አቋም ሙሉ ማብራሪያው ይኸው ነው። ወደ ውጭ የሚያዞረው ስለሞተ ወደ ውስጥ የሚያዞረው አሸነፈ። ባይሴፕስ መዳፍን ወደ ላይ ይገለብጥ ስለነበር፣ እሱ ሲሞት መዳፉ ወደ ኋላ ቀረ። የኧርብ ሽባነት የሚባለው ይህ ነው። ምልክቶቹን መሸምደድ አያስፈልግህም፤ ከስዕሉ ራሳቸው ይወጣሉ።

ቀጥሎ ራምቦይድ። ሁለቱን ትከሻዎች እንደ ወታደር ወደ ኋላ እንዲያጣብቅ ንገረው፣ ጣትህን በጀርባ አጥንቱና በስካፑላው ጠርዝ መካከል አድርግ። ተጠንቀቅ፣ ከላዩ ያለው ትራፔዚየስ በሌላ ነርቭ ስለሚሠራ ሊያታልልህ ይችላል። ስለዚህ ከቀኙ ጋር አወዳድር። ለሴራተስ መጽሐፉ «ግድግዳ ይግፋ» ይልሃል። ይህ ልጅ ክንዱን ማንሳት ካልቻለ ግድግዳ እንዴት ይገፋል? በጀርባው አስተኛው፣ ክንዱን አንተ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ያዝለት፣ «ጣሪያውን ንካ» በለው። ትከሻው ከአልጋው ወደ ላይ ከተነሳ ሴራተስ ይሠራል።

ራምቦይድና ሴራተስ ሁለቱም ደህና ከሆኑ፣ ጉዳቱ ከእነሱ መገንጠያ በኋላ፣ ትራንኩ ላይ የመሆኑ ዕድል ከፍ ይላል። ሁለቱም ከሞቱ ደግሞ ወደዚያች ወደ ግራ ጠርዝ መስመር ተጠግተናል። ሩቱ ከሕብለ ሰረሰሩ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፤ አቨልሽን ይባላል። የተነቀለ ሥር መልሶ አይበቅልም። ተሰፍቶም አይመለስም። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ ራምቦይድ በዋናነት የሲ5 ነው። ራምቦይዱ ሠራ ማለት ሲ6 አልተነቀለም ማለት አይደለም። ሴራተስም ከሲ7 ስለሚያገኝ በከፊል ሊሠራ ይችላል። ምስክሮች ናቸው እንጂ ዳኞች አይደሉም።

ሌሎች የመነቀል ፍንጮችም አሉ። እጁ ደንዝዞ እያለ የሚያቃጥል፣ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ያለማቋረጥ ካለው ተጠራጠር። ከክላቪክል በላይ አንገቱን በጣትህ መታ መታ ስታደርግ ንዝረቱ ወደ ክንዱ ከወረደ ቢያንስ አንድ የተቆረጠ ጫፍ ከቀዳዳው ወዲህ አለ፤ ይህ ደህና ዜና ነው። የደረት ራጅ ላይ በዚያ በኩል ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራሙ፣ ከፍ ብሎ ከቆመ ጉዳቱ አንገቱ ጋ በጣም ቅርብ ነው። ዓይኑንም እይ፦ የዓይኑ ቆብ ወረድ፣ ብሌኑ ጠበብ ካለ ቲ1 ሥሩ ላይ ተመትቷል ማለት ነው። ያንተው ልጅ ጣቶቹ ስለሚሠሩ አልጠብቀውም፣ ግን ማየት ነጻ ነው።

የነርቭ መመርመሪያ ማሽን ካገኘህ ደግሞ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥምሃል። የስሜት ነርቭ ሕዋሱ ያለው በዚያች ቀዳዳ ላይ ነው፣ ጋንግሊዮን ይባላል። መቆረጡ ከጋንግሊዮኑ ወዲያ፣ በሕብለ ሰረሰሩ በኩል ከሆነ፣ ከቆዳ የሚመጣው ክር ከሕዋሱ ጋር እንደተያያዘ ስለሆነ አይሞትም። ልጁ አውራ ጣቱ ሲነካ ምንም አይሰማውም፣ ማሽኑ ግን ጥሩ ምልክት ያነባል። ተማሪው «ነርቩ ደህና ነው» ብሎ ይደሰታል። በተቃራኒው ነው። የደነዘዘ ቆዳ ከጥሩ ምልክት ጋር ሲገናኝ ሥሩ ተነቅሏል ማለት ነው። ይህን ምርመራ በመጀመሪያው ሳምንት ማዘዝ ከንቱ ነው፤ የተቆረጠው ክር ሞቶ እስኪያልቅ ጊዜ ይፈልጋል። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሲሆነው ነው የሚታመነው። ልጁ አሁን ልክ ጊዜው ላይ ነው።

ስለ መዳን። ነርቭ የሚጎዳው በሦስት ዓይነት ነው። ተደናግጦ ብቻ የቆመ ነርቭ በሳምንታት፣ ቢበዛ በ3 ወር ገደማ ይመለሳል። ሽፋኑ ሳይበጠስ ውስጡ የተቆረጠ ደግሞ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል እያደገ ይመለሳል። ከአንገት ሥር እስከ ባይሴፕስ 20 ሴንቲ ሜትር ብንለው 200 ቀን ነው፣ ሰባት ወር ገደማ። ሙሉ በሙሉ የተበጠሰው ወይም የተነቀለው ግን ያለ ቀዶ ሕክምና አይመለስም። ችግሩ ጡንቻው አይጠብቅም፤ ነርቭ ሳያገኝ ከ12 እስከ 18 ወር ከቆየ፣ በኋላ ነርቩ ቢደርስለትም አይነሳም። ስለዚህ «እንጠብቅ፣ ይድናል» የሚለው ነገር ቀን ሊቆረጥለት ይገባል።

ይህን የምለው ራሴ ስለተቃጠልኩበት ነው። ወጣት ሐኪም ሳለሁ በአንድ ሆስፒታል ክላቪክሉ የተሰበረ ገበሬ መጣ። አጥንቱን አየን፣ ክንዱን በጨርቅ አሰርንለት፣ ላክነው። ክንዱን አለማንሳቱን ሕመም ነው አልን። ክርኑን አጥፍ ያለው አንድ ሰው አልነበረም። የተመለሰው ከዓመት ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ አጥንቱ ገጥሟል፣ የክንዱ ጡንቻ ግን ሟሟ። የታሰረ ክንድ ሽባነትን ይደብቃል። ከዚያ ወዲህ ለተሰበረ ክላቪክል ሁሉ፣ ከማሰሬ በፊት «ክርንህን እጠፍ፣ ጣትህን ዘርጋ» እላለሁ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ወጌሻውን በተመለከተ ቤተሰቡን አትቆጣ። ወሎ ውስጥ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው፣ የወለቀ ትከሻ መልሰው ያስገቡም አሉ። ግን ልዩነቱን ንገራቸው። የተነቀለ ነርቭ በማሸት አይመለስም፤ ክንዱን መሳብና ማወዛወዝ ደግሞ የቀረውን ሊበጥስ ይችላል። የደነዘዘ ቆዳ ላይ የሞቀ ነገር መያዝ ሳይታወቅ ያቃጥለዋል። ጠበቅ አድርጎ ማሰር ደም ያቆማል፣ ልጁም ስለማይሰማው አይጮህም። ቤት ውስጥ ማድረግ ያለባቸው ሌላ ነው፦ ትከሻውን፣ ክርኑንና ጣቶቹን በየቀኑ በእርጋታ ማንቀሳቀስ፣ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ። ነርቩ ተመልሶ ትከሻው ደርቆ ቢጠብቀው ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ።

ስዕሉ ለቀዶ ሕክምናው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ፤ ይህን ካየህ አትረሳውም። ሲ5ና ሲ6 ተነቅለው፣ ታችኛው ትራንክ ደህና ሲሆን፣ አልናር ነርቭ ሙሉ ጤነኛ ነው፣ ከሲ8ና ከቲ1 ስለሚመጣ። የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ከአልናር ውስጥ አንዲት ቀጭን ጥቅል ይወስድና እዚያው ክንዱ ላይ ከባይሴፕስ ቅርንጫፍ ጋር ይሰፋታል። ርቀቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ነርቩ በወራት ውስጥ ይደርሳል። የእጁ ጉልበትም ብዙ አይጎዳም። ትከሻውን ለመመለስ ደግሞ ከትራፔዚየስ ነርቭ ተበድሮ ለሱፕራስካፑላር ይሰጣል። አበዳሪውን ከጤነኛው ንብርብር፣ ተበዳሪውን ከታመመው መምረጥ ነው።

ስዕሉን በሌላ በሽተኛ ልትሞክረው ብትፈልግ፣ በርጫ ላይ አምሽቶ ክንዱን ወንበር ጠርዝ ላይ ጥሎ የተኛ፣ ጠዋት የእጁ አንጓ የተንጠለጠለበት ሰው አይጠፋም። አንጓው አይዘረጋም፣ ጣቶቹም አይዘረጉም። ትራይሴፕሱን ፈትን። ከሠራ ሬዲያል የተጫነው ከትራይሴፕስ ቅርንጫፍ በኋላ፣ ክንዱ መሃል አጥንቱ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ይመለሳል። ትራይሴፕስም ከደከመ ከፍ በል፤ ክራንች ብብቱ ላይ ተጭኖ ይሆናል። ዴልቶይድም ከተጨመረ ቀዩ ገመድ ራሱ ነው። ትራይሴፕስ ደክሞ፣ አንጓውን ወደ መዳፍ በኩል ማጠፍም ደክሞ፣ ብራኪዮራዲያሊስ ግን ጠንካራ ከሆነስ? ሰማያዊውም ቀዩም ተነክቷል፣ ሲ5ና ሲ6 ደህና ናቸው። መካከለኛው ሥር፣ ሲ7። አንገቱን እይ።

ከማዋለጃ ክፍልም ይጠሩሃል። ትከሻው ተይዞ የተወለደ ሕፃን ላይ ያው የኧርብ አቋም ይታያል። ብዙዎቹ በራሳቸው ይድናሉ፤ ሆኖም በ3 ወራቸው ክርናቸውን ማጠፍ ያልጀመሩትን ዝም ብሎ መጠበቅ አይገባም፣ ይላኩ። ሕፃን «እጠፍ» ስለማይባል፣ እጁን ወደ አፉ ሲወስድ ጠብቀህ ነው የምታየው።

የስዕሉን ወሰን ደግሞ እወቅ። አንዳንድ ሰው ላይ ሲ4 ብዙ ያዋጣል፣ አንዳንዱ ላይ ቲ2 ይገባበታል፤ ሩቶቹ አንድ ደረጃ ሊንሸራተቱ ይችላሉ። በሞተር አደጋ ደግሞ መሳቡ ሁሉንም እኩል አይጎዳም። ሲ5 ተበጥሶ ሲ6 ተነቅሎ፣ ሲ7 ተደናግጦ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስዕሉ የት እንደምትፈልግ ይነግርሃል፤ ምን ያህል እንደተጎዳ የሚነግርህ ግን ጊዜ፣ ማሽኑና የአንገት ኤምአርአይ ናቸው።

የምመክርህ ቁርጥ ያለ ነው። ያለቀውን ስዕል መገልበጥ አቁም። ባዶ ወረቀት ላይ ከሩት እስከ ምስክሮቹ በሁለት ደቂቃ ሳታይ እስክትስል ድረስ፣ በቀን አንድ ንብርብር ጨምር። ስም የምትጽፈው መስመሩ ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ አንድ በሽተኛ ምረጥ፣ የማይሠሩትን ጡንቻዎች በስዕሉ ላይ አጥቁር፣ መገናኛቸውን አክብብ።

ለልጁ ደግሞ አትጠብቅ። ነገ ጠዋት ሸሚዙን አስወልቀህ ከጀርባው ቁም፣ ራምቦይዱንና ሴራተሱን ፈትን፣ ዓይኑን እይ፣ የደረት ራጁን አስነሳ። እያንዳንዱን ጡንቻ ከ0 እስከ 5 በቁጥር ካርዱ ላይ ከነቀኑ ጻፍ፤ የሚቀጥለው ሐኪም መሻሻሉን የሚያውቀው ከዚያ ቁጥር ነው። ምስክሮቹ ከሞቱ ወይም የሚያቃጥል ሕመም ካለው፣ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራበት ቦታ አሁኑኑ ሪፈር ይጻፍለት። ምስክሮቹ ደህና ከሆኑ በየወሩ አስቀጥረው። በ3ኛው ወር ባይሴፕሱ ብቅ ካላለ፣ ሪፈሩን በዚያው ቀን ጻፍ።